ድፍን የጡብ ግድግዳ፦ ብርዱን ከውስጥ ልሸፍነው ወይስ ልተወው?

በመድረካችን የተካሄደው የዚህ ውይይት ክር መነሻ ጽሑፍ የእኔ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ማታ፣ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሼ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። ቤቴ ሰሜን ለንደን ነው። በ1890ዎቹ ተጣብቀው ከተደረደሩት የጡብ ቤቶች አንዱ ነው። ግድግዳው ድፍን ነው፤ መሃሉ ላይ ክፍተት የለውም። ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት አንዱ ጡብ በጎኑ፣ ቀጣዩ በጠባብ ራሱ ይታያል። በራሱ የሚታየው ጡብ ከውጭ እስከ ውስጥ አቋርጦ የተኛ ነው። ስለዚህ የግድግዳው ውፍረት የአንድ ጡብ ርዝመት ነው፣ ወደ 22 ሳንቲሜትር።

የጓሮው መኝታ ክፍል ልጆቼ የሚተኙበት ነው። ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ ሳደርገው ከኋላው ያለው ግድግዳ ጥቁር ሻጋታ አብቅሏል። በመስኮቱ ሥር ደግሞ ጠርዙ ቡናማ የሆነ፣ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት የሚመስል ምልክት አለ። አንድ ሻጭ መጣና ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ ፎይል የተለጠፈበት 8 ሳንቲሜትር ፎም ከጂብሰም ቦርድ ጋር በሦስት ቀን ለጥፌ እገላግልሃለሁ አለኝ። ሂሳቡም ከፈራሁት ያነሰ ነበር። ጥያቄዬ አጭር ነበረች፦ ላስለጥፍ ወይስ ልተው? ከ40 በላይ መልስ መጣ። አንዳንዶች በግል እየጠየቁኝ ስለሆነ ዋና ዋናውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

1ኛው መልስ እንኳን ለቤትህ አበቃህ የሚል ነበር። ስንት እንደገዛሁትም ጠየቀ። አልመለስኩም።

2ኛው በርሚንግሃም የሚኖር ወንድማችን ነው። ልክ የተባለልኝን ሰሌዳ ከሦስት ዓመት በፊት አስለጥፎ እንቅልፍ አግኝቷል። የጋዝ ሂሳቡ ወርዷል፣ ግድግዳውም ሲነኩት ይሞቃል። ፎይሉ የቤቱን እርጥበት አያሳልፍም፣ ስለዚህ ሻጋታ ታሪክ ሆነ ብሎ ደመደመ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት መስማት የፈለግሁት እሱን ነበር።

3ኛው መልስ ግን መልስ አልነበረም፤ ስድስት ጥያቄ ነበር። የጻፉት ዮርክ አካባቢ ሃያ ዓመት ያህል በኖራ ሲገነቡና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የጓሮው ግድግዳ ከውጭ ምን ለብሷል? አሸንዳው ሲዘንብ ወርደህ አይተኸዋል? ከውጭ ያለው መሬት ከውስጡ ወለል ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከመሬት አጠገብ ያሉት፣ ከወለሉ ሥር አየር የሚያስገቡት ቀዳዳ ጡቦች ክፍት ናቸው? የፎቁ ወለል ጣውላ በየት በኩል ነው የተዘረጋው? ማታ በር ዘግታችሁ ነው የምትተኙት? ፎቶ አምጣ፣ ስለ ሰሌዳው ከዚያ በኋላ እናወራለን አሉ።

በማግስቱ እየዘነበ ስለነበር ጃንጥላ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ ያንን ግድግዳ አተኩሬ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጡቡን በሲሚንቶ ለስኖ ነጭ ቀለም ቀብቶታል። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ታች የሚሄድ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። የአሸንዳው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተላቆ፣ ውኃው በቧንቧው ጀርባ ግድግዳውን እየላሰ ይወርዳል። ጓሮውን ኮንክሪት ሲያለብሱት ደግሞ ከፍ አድርገውት ከአራቱ ቀዳዳ ጡቦች ሁለቱ ግማሽ በግማሽ ተቀብረዋል። ፎቶውን 4ኛ ላይ ለጠፍኩት። በዝናብ ውስጥ ያነሳሁት ስለሆነ ጃንጥላው ግማሹን ሸፍኖታል፤ ለዚያም ተስቆብኛል።

5ኛው የጋሼ ረጅም መልስ ነው። ለእኔ የክሩ ልብ ይሄ ነው። እንደዚህ ያለ ግድግዳ ዝናብ ይጠጣል፣ ከዚያ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይተፋዋል። ጡቡን ያያዘው ኖራ ለስላሳ ስለሆነ እርጥበቱ በዋናነት በእሱ በኩል ይወጣል። ከውስጥም ቤቱ እየሞቀ ግድግዳውን ያደርቀዋል። ቤቱ መቶ ሠላሳ ዓመት የቆመው ውኃ ስላልገባው አይደለም፣ የገባው መውጫ ስለነበረው ነው። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ከውጭ ያለው መውጫ ተዘጋ። ሲሚንቶ ከጡብና ከኖራ ጋር እኩል አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። ውኃው በስንጥቁ ይገባል፣ በሰፊው ገጽ ግን አይወጣም። አሁን ከውስጥ ፎይል ብትለጥፍ ሁለተኛውንም በር ቆለፍከው ማለት ነው።

ሌላም ጨመሩ። ግድግዳው ከውስጥ ሲሸፈን የቤቱ ሙቀት አይደርሰውም። ጡቡ ከበፊቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ቀስ ብሎም ይደርቃል። ከቤቱ ያመለጠ እርጥብ አየር በሶኬት ቀዳዳ፣ በዞኮሎ ሥር፣ በወለሉ ክፍተት ከሰሌዳው ጀርባ ከገባ ቀዝቃዛው ጡብ ላይ ውኃ ይሆናል። እዚያ ደግሞ ማንም አያየውም። ፎይሉ ችግር የለውም የሚባለው አንዲት ቀዳዳ ከሌለው ነው። ቀዳዳ የሌለው ፎይል ደግሞ በሥራ ዘመናቸው እንዳላዩ ጻፉ።

ያሳሰባቸው ግን ወራጆቹ ነበሩ። የፎቁን ወለል የተሸከሙት እንጨቶች ጫፋቸው ግድግዳው ውስጥ ተሰክቷል። በየት በኩል እንደተሰኩ ለማወቅ ወለሉን ማፍረስ አያስፈልግም። ምንጣፉን ገልጠህ ጣውላውን እየው፤ ምስማሮቹ የተደረደሩበት መስመር የወራጁ መስመር ነው። ምንጣፉን ገለጥኩ። የምስማሩ መስመር ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ የወራጆቼ ጫፍ ያረፈው በዚያው በረጠበው የጓሮ ግድግዳ ውስጥ ነው። እንጨት እርጥበቱ ከ20 ከመቶ አልፎ ከቆየ መበስበስ ይጀምራል፤ ከሰሌዳ ጀርባ ደግሞ ማን ይለካዋል?

6ኛው የበርሚንግሃሙ ወንድማችን ነበር፤ ቆጣ ብሏል። ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነብኝም፣ እናንተ በወረቀት ታወራላችሁ እኔ ቤቱ ውስጥ እኖራለሁ አለ። ኖራ ሻጭ ሁሉ ኖራ ይበልጣል ማለቱ አይቀርም ብሎም ወጋ አደረጋቸው። ጋሼ አልተቆጡም። ከውጭ ደረቅ ከሆነ፣ ግድግዳው ነፋስ ካገኘ፣ ዝናቡ በዚያ በኩል ካልመታው ሊቆይ ይችላል ብለው ግማሹን እውነት ሰጡት። ወራጁን ግን አንድ ቀን አንስተህ እየው ብለው አለፉ።

7ኛዋ ብሪስቶል ያለች እህታችን ናት። ተመሳሳይ ሰሌዳ ከስድስት ዓመት በኋላ ያስነሳችው ኩሽና ልትቀይር ብላ ነው እንጂ ጠርጥራ አይደለም። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የእንጉዳይ ሽታ። ሠራተኛው ካቻቢቴውን ወራጁ ጫፍ ላይ ሲገፋው እስከ እጀታው ገባ። ሦስት ወራጅ ጫፉ ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ተቀጠለ። በክረምቱ ሁሉ የቆጠበችውን የጋዝ ሂሳብ ደምራ ከአናጺው ሂሳብ ጋር አስተያየችው፤ ለመጻፍ አሳፈረኝ ብላ ቁጥሩን ተወችው።

8ኛው ጥያቄውን አልተረዳውም። አዲስ አበባ ሆኖ ስለ ፒያሳ ቤት የምናወራ መስሎታል። የአያቶቹ ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። አባቱ ቤቱን ለማሳመር ብለው ከታች አንድ ሜትር ያህል ዙሪያውን ሲሚንቶ አስለሰኑት። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበቱ ከሲሚንቶው በላይ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ቀለሙም እንደ ፎረፎር ይረግፋል። መድኃኒቱ የሲሚንቶውን ልስን ሁለት ሜትር ማድረስ ይሆን ብሎ ጠየቀ።

አንዱ ሌላ ክር ክፈት ብሎ ሊያባርረው ነበር። 9ኛ ላይ ጋሼ ግን ጥያቄው ያው ነው አሉ። ከመሬት የሚመጣው እርጥበት ሲሚንቶው ሲከለክለው መውጫ እየፈለገ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ሜትር ብታደርገው እርጥበቱን ሁለት ሜትር ታሳድገዋለህ። የሚሻለው በክረምት ውኃው ከግድግዳው እንዲርቅ ዙሪያውን ቦይ ማውጣት፣ ሲሚንቶውን ማንሳት፣ ከዚያ ጭድ ባለው ጭቃ መርጎ በኖራ ማልበስ ነው። ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥም ጣሊያኖች በሲሚንቶ የጠገኑትን በኋላ አንስቶ በኖራ መተካት ያስፈለገው በዚሁ ጠባይ የተነሳ ነው ብለው ጨመሩ። ልጁ አመስግኖ፣ አባቱን ማን ያሳምን ብሎ ወጣ።

10ኛ ላይ ስለ ሻጋታው ትክክለኛ ነገር የተናገረችው ነርስ ነኝ ያለች ሴት ናት። እኔ ሁለቱን ምልክት እንደ አንድ ችግር ነው ያየሁት። እሷ ለየቻቸው። ከመስኮቱ ሥር ያለው ቡናማ ጠርዝ ከውጭ የገባ ውኃ ነው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ጥቁር ሻጋታ ግን ከቤቱ አየር የመጣ ነው፤ አየር በማይዞርበት ቀዝቃዛ ጥግ ላይ ነው የሚያርፈው። ለመሞከር ያህል ግልጽ ፕላስቲክ በአራቱም ጎን በቴፕ ግድግዳው ላይ ለጥፈህ ጥቂት ቀን ጠብቅ አለች። ጠብታው በክፍሉ በኩል ካለ ከአየሩ ነው፣ በግድግዳው በኩል ካለ ከግድግዳው። ሁለት ቦታ ለጠፍኩ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው በክፍሉ በኩል ረጠበ። ከመስኮቱ ሥር ያለው በጀርባው ረጠበ። ሴትዮዋ ልክ ነበረች።

ከዚያ እርጥብ አየሩ ከየት መጣ ተባለ። 11ኛው እንጀራ ትጋግራላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ክሩም እዚያው ተበላሸ። ከ12 እስከ 17 ያለው ስለ ምጣድ ነው። ምጣዱን ጓሮ ሼድ ውስጥ ያደረገ አለ፣ ጎረቤት ጭስ ነው ብሎ ካውንስል ደውሎበታል። አንዷ የጤፍ ዋጋ አነሳች። አንዱ ለንደን ውስጥ እንጀራ የሚጋግር ሰው ገንዘብ የማይቆጥር ነው ሲል ሦስት ሴቶች ተነሱበት። ከሁሉም መሃል የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው፦ በጥቂት ፓውንድ የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ቅዳሜ ሲጋገር ኩሽና አስቀመጥኩት። ሃያኛው እንጀራ ላይ 84 ከመቶ አለ። መኝታ ቤቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ 73 ነበር፤ በሩ ክፍት ነበራ። አሁን ስንጋግር የኩሽናው በር ይዘጋል፣ ማራገቢያው ከጋገርን በኋላም ግማሽ ሰዓት ይሠራል፣ ቁም ሳጥኑም ከግድግዳው አንድ ጋት ርቋል። ሻጋታውን አጥቤው በዚያ ክረምት ተመልሶ አልመጣም። ይሄ ሁሉ ከሻጩ ሂሳብ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

18ኛው ስቶክሆልም የሚሠራ መሐንዲስ ነው። የቁጥር ሰው ነው፤ ትንሽ ኮራ ያለም ነው። ነገር ግን ሂሳቡ ግልጽ ነበር። ባዶው ግድግዳ መቶ ሙቀት ያፈሳል እንበል። ከእንጨት ጭረት የተሠራ 4 ሳንቲሜትር ሰሌዳ ከውስጥ ብትለጥፍበት 40 ያፈሳል። 8 ብታደርገው 25። 12 ብታደርገው 18። ስለዚህ ትልቁ ጥቅም ያለው በመጀመሪያዋ 4 ሳንቲሜትር ነው። ከዚያ በላይ የምትጨምረው እያንዳንዱ ሳንቲሜትር ጥቅሙ እያነሰ፣ ጡቡን ማቀዝቀዙ ግን እየጨመረ ይሄዳል። ሻጩ 8 ያለህ የእንግሊዝ ደንብ ወደሚፈልገው ቁጥር ለመድረስ ነው፣ ግን ደንቡ ራሱ እርጥበት ለሚያስተነፍሱ አሮጌ ግድግዳዎች ልዩ ቦታ ይሰጣል አለ። ይሄን ሻጩ አልነገረኝም።

የእንጨት ጭረቱ ሰሌዳ ከፎሙ የሚለየው እርጥበት መጥጦ መልሶ ስለሚሰጥ ነው። በኖራ ተለስኖ ግድግዳው ላይ ሙሉ በሙሉ መጣበቅ አለበት፤ ከጀርባው ክፍተት ከቀረ አየር እዚያ ይዞርና ውኃ ይጠራቀማል። ፊቱም በኖራ ይለሰናል፣ ቀለሙም የሚያስተነፍስ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ሁሉን በሥነ ሥርዓት ሠርቶ መጨረሻ ላይ የፕላስቲክ ቀለም ቀብቶ ያበላሸዋል ብለው ጋሼ 19ኛ ላይ አከሉ።

ሁለቱ የተጣሉት ከዚህ በኋላ ነው። መሐንዲሱ ባዶው ግድግዳ ስንት ሙቀት እንደሚያፈስ ያሰላበት ቁጥር ከመጽሐፍ የመጣ ነው፤ ጋሼ ደግሞ እንደዚህ ዓይነት ግድግዳ በቦታው ሲለካ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ የተሻለ ሆኖ ይገኛል አሉ። ከ1877 ጀምሮ ስለ አሮጌ ሕንፃ የሚሟገተው የእንግሊዝ ማኅበር ራሱ ለክቶ ያሳየው ነገር ነው። ስለዚህ ተስፋ የተሰጠህን ቁጠባ ሁሉ አታገኝም፣ ምክንያቱም ግድግዳህ የተባለውን ያህል መጥፎ አልነበረም። መሐንዲሱ ደግሞ ልክ ነው፣ ግን የረጠበ ግድግዳ ከደረቀው ይልቅ ሙቀት ያፈሳል፣ የእሱ ግድግዳ ረጥቧል ብሎ መለሰ። እዚህ ላይ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። አሸንዳ መጠገን ራሱ ሙቀት መቆጠብ ነው የሚለው ሐሳብ እስከዚያ ድረስ ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም ነበር።

22ኛው ለምን ከውጭ አታለብሰውም አለ። ከውጭ ሲሆን ጡቡ ይሞቃል፣ ወራጁም ይሞቃል፤ በሐሳብ ደረጃ ይሻላል። ግን የፊት ለፊቱን ካውንስሉ አይፈቅድም፤ ሰፈሩ የተጠበቀ ነው፣ ጡቡ መታየት አለበት። የጓሮው ይቻል ነበር። ወዲያው አንዷ ፕሬስተንን አነሳች። እዚያ በመንግሥት ፕሮግራም ብዙ ቤቶች ከውጭ ተለብሰው፣ ሥራው ስለተዝረከረከ ዝናቡ ከልባሱ ጀርባ ገብቶ ቤቱን ሻጋታ አድርጎታል። መሐንዲሱም የብሪታንያ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2025 ያወጣውን ጠቀሰ፦ በሁለት የመንግሥት ፕሮግራሞች ከውጭ ከተለበሱት ቤቶች 98 ከመቶው መታረም የሚፈልግ ችግር አለባቸው፣ ከውስጥ ከተለበሱት ደግሞ 29 ከመቶው። ጉዳዩ ዕቃው ሳይሆን ጠርዙ ነው አለ። የመስኮቱ ደፍ ከልባሱ በላይ ካልወጣ፣ ጣሪያው ካልሸፈነው፣ ቧንቧው በትክክል ካልተመለሰ ውኃ መንገዱን ያገኛል።

24ኛው ሙድ ውስጥ አልነበረም። ይሄ ሁሉ የነጭ ሰው ናፍቆት ነው፣ ሽጠህ አዲስ ቤት ግዛ፣ ጡብ ታቅፈህ አትሙት አለ። 25ኛዋ ለአዲስ ቤት ገንዘቡን አንተ ትሰጠዋለህ ወይ አለችው። ነገሩ ወደ ዘመድ አዝማድ ሲሄድ አወያዩ ገብቶ ሁለት መልስ ሰረዘ። ምን እንደነበሩ አላየሁም፣ ግን ይቅርታ የጠየቀ ሰው የለም።

27ኛ ላይ አንዱ ቀላሉን ነገር ለምን ትዘላላችሁ አለ። እሱም ልክ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱት መስኮቶቼ ሲነፍስ ይንኳኳሉ። ጠርዛቸው ላይ ብሩሽ ያለው ማገጃ ማስገባት፣ ማታ ከባድ መጋረጃ፣ ካለ ደግሞ የጥንቱን የእንጨት መዝጊያ አውጥቶ መዝጋት። የእኔ መዝጊያዎች በመስኮቱ ጎን ሳጥናቸው ውስጥ ተቸንክረው፣ በቀለም ተደፍነው ነበር። ቀለሙን በቢላ ሰንጥቄ ምስማሩን ስነቅል እንጨቱ እንደ አዲስ ወጣ። ግድግዳው የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ ነፋሱ ሲቆም ሰውነት ያርፋል። ግን ይሄው ሰው ከመሬት አጠገብ ያሉትን ቀዳዳ ጡቦችም ድፈናቸው፣ ብርዱ የሚገባው በእነሱ ነው ሲል ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። ቀዳዳዎቹ የወለሉን እንጨት ከሥር የሚያደርቁ ናቸው። ብርዱ ካስቸገረህ ጣውላውን አንስተህ በወራጆቹ መሃል የበግ ሱፍ ወይም ሌላ አየር የሚያሳልፍ ነገር በመረብ አንጠልጥል፤ ከሥሩ ነፋሱ ይለፍ። የተቀበሩትን ሁለቱን ዛሬውኑ አውጣ አሉኝ።

አወጣኋቸው። ከግድግዳው ሥር ኮንክሪቱን በአንድ ክንድ ስፋት ቆርጬ አፈሩን ዝቅ አድርጌ ጠጠር ሞላሁበት። አሸንዳው በአንድ ከሰዓት በኋላ ተሠራ።

የሲሚንቶው ልስን ግን እስከ ግንቦት ቆየ። ኖራ ብርድ አይወድም፣ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ወቅት አይነካም። ጋሼም መጀመሪያ አንድ ካሬ ሜትር ብቻ ሞክር ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ሲሚንቶው ጡቡን አጥብቆ ከያዘው ሲነሳ የጡቡን ፊት ይዞ ይወጣል፤ ፊቱን ያጣ ጡብ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ነው። እንደዚያ ከሆነ ስንጥቁን በኖራ ሞልቶ መተው ይሻላል። በጣቴ ስመታው ከመስኮቱ አካባቢ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ሰጠ፣ ጥግ ላይ ግን ድፍን ድምፅ። ባዶ የሚጮኸው በስካርፔሎ ገፋ ሲደረግ በትልቅ ቁራጭ ወረደ። ጀርባው ርሶ ጥቁር ነበር። ጥግ ላይ ሁለት ጡብ ፊታቸው ተላጠ፣ እዚያ አቆምን። ስለዚህ የጓሮ ግድግዳዬ አሁን ሁለት ሦስተኛው በኖራ የተሞላ ጡብ፣ አንድ ሦስተኛው የድሮ ሲሚንቶ ነው። አያምርም።

35ኛ ላይ ይህን ሁሉ ጽፌ አሁንስ ሰሌዳውን ልለጥፍ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጋሼ ገና ነው አሉ። እንደ ልምድ ግድግዳ ለእያንዳንዱ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል አንድ ወር ያህል ለመድረቅ ይፈልጋል። የእኔ ስለዚህ ዘጠኝ ወር፣ ዝናቡ ከበዛ ከዚያም በላይ። መሐንዲሱ 4 ሳንቲሜትሩን የእንጨት ጭረት አሁን ብትለጥፈውም ይደርቃል ባይ ነው። የሁለቱ ክርክር የቀረው ወራጆቹ ያሉበት ቦታ ላይ ነው። መሐንዲሱ በፎቁ ወለልና በታችኛው ክፍል ኮርኒስ መሃል ያለውንም ቦታ እንለጥፈው፣ አለዚያ ብርዱ እዚያ ይሰበሰባል ይላል። ጋሼ እዚያ አትንካ፣ የወራጁ ጫፍ ትንሽ ሙቀት ይድረሰው፣ የሚያመልጠውን ሙቀት እንደ ኪራይ ቁጠረው ይላሉ። አልተስማሙም። እኔም አልወሰንኩም። ለጊዜው ሁለት ወራጅ ጫፍ ላይ ምስማር የሚመስል የእንጨት እርጥበት መለኪያ ሰክቻለሁ። በሰኔ አንዱ 19፣ አንዱ 21 ከመቶ ነበር።

አንድ ሰው መሃል ገብቶ መለኪያውን ልስኑ ላይ ብሰካው 40 አለኝ፣ ቤቴ ሊወድቅ ነው ወይ ብሎ ደነገጠ። የእንጨት መለኪያ ለእንጨት ነው ተባለ፤ ልስን ውስጥ ጨው ካለ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ግድግዳ ውስጥ የሚወጋ እርጥበት መከላከያ መድኃኒት የሚሸጡ ሰዎች በዚያው ቁጥር ነው የሚያስፈራሩት ብላ የብሪስቶሏ እህት ጨመረች።

41ኛው መልስ ከስምንት ወር ዝምታ በኋላ የመጣ ነው፤ የበርሚንግሃሙ ወንድማችን። ስድብም ትህትናም የለበትም። ሁለት ጣውላ አንስቶ፣ የወራጁን ጫፍ ፎቶ ለጥፏል። እንጨቱ ጠቆር ብሏል፣ ቅርጹ ግን አለ። መለኪያው 24 ከመቶ ይላል። ይሄ ብዙ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

42ኛ ላይ ጋሼ ከጫፉ ነው ከመሃሉ የለካኸው፣ ስንት ወራጅ ለካህ፣ ካቻቢቴ ስትገፋበትስ ምን ያህል ይገባል ብለው ጠይቀውታል። እስካሁን አልመለሰም።